ትንሹን ዕዳ ልገላገል ወይስ ወለዱ የሚበላኝን? ከማኅበራችን ስብሰባ የቀሩ ጥያቄዎች

ቅዳሜ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ስብሰባ ሲያልቅ ሰው አልበተን አለ። ሁሉም በየአቅጣጫው ዕዳ አለበት፣ የቱን እንደሚያስቀድም ግን ግራ ገብቶታል። የማኅበሩን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝና ጥያቄዎቹን በደብተር ጽፌ ወደ ቤት ሄድኩ፤ ቁጭ ብዬም አሰላሁ።

"ጋሼ፣ እኔ ጣና ዳር አሳ ነው የምሸጠው። ማኅበሩ ጋ 6,000፣ ከአንድ ሰውዬ 20,000፣ ከማይክሮ 30,000 ብር አለብኝ። በወር ከ5,000 በላይ አይተርፈኝም። ማንን ላስቀድም?"

እህቴ፣ መጀመሪያ የማይነካውን ለይተን እናስቀምጥ። ማኅበሩ በወር 500፣ ማይክሮው 1,500 ይጠብቃሉ። ሰውየው በመቶ አምስት በወር ስለሚያስብ ለወለዱ ብቻ 1,000 ይወስዳል። ድምሩ 3,000 ነው። የምንከራከረው በቀሪው 2,000 ብር ላይ ነው።

የማኅበሩ ወለድ በወር በመቶ አንድ፣ የማይክሮው በመቶ አንድ ተኩል ነው፤ ሁለቱም በቀሪው ዕዳ ላይ ይሰላሉ። እያንዳንዱን ወር በደብተር አወረድኩት። አንዱ ዕዳ ሲያልቅ ለሱ ይከፈል የነበረው ወደሚቀጥለው ይዛወራል።

ትንሹን ካስቀደምሽ የማኅበሩ 6,000 በሦስተኛው ወር ያልቃል። ሰውየው በ10ኛው ወር ይለቅሻል። ሁሉም በ14ኛው ወር ያበቃል፤ በጠቅላላው 67,001 ብር ትከፍያለሽ።

ሰውየውን ካስቀደምሽ ደግሞ እሱ በ9ኛው ወር ያልቃል። የማኅበሩ ዕዳ እስከ 13ኛው ወር ይጎተታል። ሁሉም እንደዚያው በ14ኛው ወር ይዘጋል፤ የምትከፍይው 65,531 ብር ነው። ልዩነቱ 1,470 ብር ብቻ ሆነ። እኔም ከዚህ የሚበልጥ ጠብቄ ነበር።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ትንሹ ዕዳሽ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውየውን የምታዘገዪው ሦስት ወር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም መንገድ ተራው የሱ ነው፤ ከቀሩት ሁለት ዕዳዎች አነስ ያለውም፣ ወለዱ የከፋውም የሱ ነውና። ስለዚህ ትንሹን ዘግቼ እፎይ ልበል ብትዪ አልወቅስሽም። ለእፎይታሽ 1,470 ብር ትከፍያለሽ ማለት ነው። እኔ ግን ሰውየውን አስቀድማለሁ።

"እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፤ ትልቁ ዕዳ ይቅደም።" (ሸቀጥ ነጋዴ፣ አባይ ማዶ)

ጋሼ፣ ግማሹን ብለዋል። የሚቀድመው ብሩ ትልቅ የሆነው ሳይሆን ወለዱ ከፍ ያለው ነው። በእህታችን ሒሳብ ትልቁ ብር የማይክሮው ነው፤ ወለዱ ግን ከሰውየው በጣም ያንሳል።

እርስዎ ያሉት የሚገጥመው ትልቁም ውዱም አንድ ሲሆን ነው። ያኔማ ቅደም ተከተሉ ዋጋ ያወጣል። ሁለቱን ዕዳ ብናገላብጥ፣ ማለትም ሰውየው ጋ 30,000፣ ማይክሮው ጋ 20,000 ቢሆን፣ የሰውየው የወር ወለድ ብቻ 1,500 ይሆናል። ያንኑ 5,000 ይዘን ትንሹን ካስቀደምን፣ ወደ ሰውየው ዋና ገንዘብ መጠጋት የምንጀምረው በስምንተኛው ወር ነው። እስከዚያ 30,000ው ንቅንቅ አይልም። ጠቅላላው 76,144 ብር በ16 ወር ይሆናል። ሰውየውን ካስቀደምን 71,505 ብር በ15 ወር። ልዩነቱ ከ4,600 ብር በላይ ነው።

ስለዚህ ዕዳዎን በወረቀት ሲደረድሩ ከየዕዳው ጎን የወር ወለዱን በብር ይጻፉ። በመቶ ስንት እያሉ ብቻ ሲያወሩት አይታይም።

"የባጃጅ ብድሬን በ15 ከመቶ ወስጄ ነው። ጨምሬ ብከፍል ወለዱ ይቀንስልኛል አይደል?"

ወንድሜ፣ ውልህን ሳላይ አዎ አልልህም። ስብሰባው ላይ ያሳየኸኝን የክፍያ ሰንጠረዥ እንደገና አውጣው። የወለዱ ረድፍ ከወር ወር እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ የሚሰላው በቀሪው ላይ ነው፤ ጨምረህ ብትከፍል ይጠቅምሃል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነ ግን የሚሰላው በተበደርከው በሙሉው ላይ ነው።

ለምሳሌ 12,000 ብር ለአንድ ዓመት በሁለተኛው ዓይነት ብትወስድ ወለዱ 1,800 ነው፤ በወር 1,150 ትከፍላለህ። ግማሹን ከፍለህ እንኳ ወለዱ ያው 150 በወር ነው። በቀሪው ላይ እንደሚሰላ ብድር ቢታይ ወደ 27 ከመቶ ይጠጋል። ታዲያ ቶሎ ዘግተህ ያልደረሰው ወለድ ካልተነሳልህ ተጨማሪ ብር እዚያ መክተት ምንም አያተርፍህም። ያንን ብር ወለዱ በቀሪው ላይ ወደሚሰላው ዕዳ ውሰደው። አበዳሪህን "ዛሬ ብዘጋው ስንት ነው?" ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል።

"ጋሼ፣ ሌላም አለ። ሰውየው ዋናውን በሙሉ ካላመጣሽ ቁርጥራጭ አልቀበልም ይላል።" (አሳ ሻጭዋ)

ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ ሌላ ሒሳብ እሠራ ነበር። ካልተቀበለ ከላይ ያለው የሰውየው ቅድሚያ አይሠራም። ተጨማሪውን 2,000 ቤት ብታስቀምጪው ምንም አያስገኝም፤ እሱ ግን በየወሩ 1,000 ይወስዳል። ያም ሆኖ ትንሹን መጀመሪያ ብትዘጊ ሰውየውን የምትገላገዪው አንድ ወር ዘግይተሽ ነው፤ ስለዚህ 2,000ውን በየወሩ አጠራቅመሽ በ10ኛው ወር አንዴ ወርውሪለት።

ከዚህ የሚሻል አንድ መንገድ ግን አለ። ማኅበሩ በመቶ አንድ ቢያበድርሽ፣ የሰውየውን 20,000 በአንድ ጊዜ ትዘጊያለሽ። በመጀመሪያው ወር 1,000 የነበረው ወለድ 200 ይሆናል። የትኛውም ቅደም ተከተል ይሄን ያህል አያተርፍሽም። ችግሩ ሁለት ዋስ ያስፈልግሻል፣ የቀድሞው 6,000ም ገና አልተከፈለም። ኮሚቴው ምን እንደሚል አላውቅም።

"በመቶ አምስት በወር ሕገ ወጥ አይደለም እንዴ? ለምን ትከፍለዋለች?" (ወጣት ተማሪ)

ለግል ብድር የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም። አንተ እንዳልከው በመቶ አምስት በወር ከዚያ እጅግ ያልፋል። ዋናው 20,000 ግን ዕዳዋ ነው፤ ዝም ብላ ብታቆምም ጸቡ ቤቷ ይመጣል። ወረቀቱን ይዛ ጠበቃ ታናግር። እኔ ሒሳብ እንጂ ሕግ አልችልም።

"አጎቴ ያለ ወለድ 4,000 ሰጥቶኛል። ወለድ ስለሌለው መጨረሻ ይሁን?" (ባጃጅ ነጂው)

በቁጥር ከሄድን አዎ። ሚስትህ ግን "አጎቱ የልጁን ትምህርት ቤት ክፍያ ከየት ያምጣ?" አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። አጎትህ ሲፈልገው ሌላ ቦታ ሄዶ በአራጣ የሚበደር ከሆነ፣ ያንተ የነጻ ብድር ለሱ ነጻ አይሆንም። ደውልለትና ብሩን መቼ እንደሚፈልገው ጠይቀው። ለመስከረም ካለህ፣ በወር 500 እየለየህ አሁኑኑ ጀምር። "ግድ የለም" ካለህም ሁለተኛ ጠይቀው፤ ዘመድ አንዴ ሲጠየቅ እንዲያ ነው የሚለው።

የአሳ ሻጭዋን ጉዳይ ሐሙስ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ዋስ የሚሆናት ካለ እስከዚያ ስሙን ያስመዝግብ።