ለሥራ ስሄድ የተከራየሁትን ቤት ለሌላ ሰው ማከራየት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ውሉ ከሐምሌ 2017 እስከ ሰኔ 2019 ነው፤ ወረዳም ተመዝግቧል። ኪራዩ በወር 14,000 ብር ነው። መሥሪያ ቤቴ ከጥር እስከ ነሐሴ 2018 ሐዋሳ መድቦኛል። ቤቱን መልቀቅ አልፈልግም፤ ዕቃዬም እዚያው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እስክመለስ ሊገባበት ይፈልጋል። ውሉ ግን «ተከራይ ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይችልም» ይላል። ባለቤቷ ጡረተኛ ናቸው፤ ደግ ናቸው ግን ሰው ይፈራሉ። እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ በስልክ አይጠይቋቸው። በስልክ «እሺ ልጄ» ቢሉዎት እንኳ ውሉ የሚለው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 የሚለው ይኼንኑ ነው። ስለዚህ ከወረቀቱ በፊት ቁልፍ ለባልደረባዎ አይስጡ። «የአክስቴ ልጅ ነው፣ ቤት እየጠበቀ ነው» የሚለውን ዘዴም ይተዉት። ጎረቤት ሁሉንም ያውቃል፤ ባለቤቷ ከሰው አፍ የሰሙ ቀን ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ሰጧቸው ማለት ነው።

አሁን በባለቤቷ ቦታ ይቁሙ። ብዙ ተከራዮች አከራዩ የሚፈራው ኪራይ መቅረቱን ይመስላቸዋል። እኔ ቢሮ የሚመጡ አከራዮች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት «ሰውዬው አልወጣም ቢለኝስ?» ነው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ይላል። እርስዎና ባልደረባዎ ለብቻችሁ ቁጭ ብላችሁ የስምንት ወር «የኪራይ ውል» ብትጽፉ፣ ነሐሴ ላይ እሱ «ሕጉ ሁለት ዓመት ይሰጠኛል» ብሎ ሊከራከር በር ከፈታችሁለት። ይረታል እያልኩ አይደለም። ግን ክርክሩ ራሱ ወራት ይበላል፤ እርስዎም ከሐዋሳ ተመልሰው ዘመድ ቤት ያድራሉ።

ስለዚህ ሁለተኛ ራሱን የቻለ የኪራይ ውል አይጻፍ። በተመዘገበው ውል ላይ የሚያያዝ፣ ሦስታችሁም የምትፈርሙበት አንድ ስምምነት ይሁን። ባለቤቷ፣ እርስዎ፣ ባልደረባዎ፣ ከዚያ ሁለት ምስክሮች። ስምምነቱ ሦስት ነገር በግልጽ ይናገር። አንደኛ፣ የባልደረባዎ በቤቱ የመቀመጥ መብት የሚመነጨው ከእርስዎ ውል ብቻ እንደሆነና የእርስዎ ውል በማንኛውም ምክንያት ቢቋረጥ የእሱም እንደሚያበቃ። ሁለተኛ፣ የመውጫው ቀን። «እስክመለስ ድረስ» ብለው እንዳይጽፉ፤ ይኼ ቀን አይደለም። «ነሐሴ 25 ቀን 2018» ይበሉ፤ ነሐሴ 30 ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዲያገኙት አምስት ቀን መጠባበቂያ ይኑር። ሦስተኛ፣ ባልደረባዎ ቤቱን ለሌላ ሰው ፈጽሞ አሳልፎ እንደማይሰጥ። ይኼን ረቂቅ ሳትፈርሙ በፊት ውሉ ወደተመዘገበበት ወረዳ ወስዳችሁ አሳዩ። ከፈረማችሁ በኋላ ደግሞ ኮፒው ከዋናው ውል ፋይል ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ። እዚያ ጥያቄ ከተነሳ በታኅሣሥ ይነሳ፤ በነሐሴ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ባልደረባዎ ቢገባም እርስዎ ከውሉ አይወጡም። እሱ ሁለት ወር ባይከፍል ባለቤቷ 28,000 ብሩን የሚጠይቁት እርስዎን ነው፤ ከእሱ ማስመለስ የእርስዎ ራስ ምታት ነው። ለዚህ ነው ኪራዩ በእርስዎ በኩል ባይዞር የሚሻለው። ባልደረባዎ 14,000 ብሩን በቀጥታ ወደ ባለቤቷ የባንክ ሒሳብ ያስገባ፣ ደረሰኙን በዚያው ቀን በቴሌግራም ለሁለታችሁም ይላክ። አዋጁም ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ነው የሚያዘው። በመሐል ሁለት ሺህ ብር ጨምረው ለማትረፍ አያስቡ። የኪራይ ጭማሪ ቁጥጥር አለበት፤ ባለቤቷም ሲሰሙ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በቤቴ ትነግጃለሽ?» ነው የሚሆነው።

ባለቤቷ «ስድስት ወር ቅድሚያ ይክፈል» ቢሉስ? አይቻልም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። በምትኩ ዋስ ያቅርቡላቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» ብሎ ይፈርማል፣ አከራዩም ተማምኖ ይተኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 መሠረት ግን ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጻፈ አይጸናም። አንድ ደንበኛዬ ይኼን ያወቁት ዋሱን ከከሰሱ በኋላ ነበር። ለእናንተ ልኩን እንዲህ ላስላው፦ የሁለት ወር ኪራይ 28,000፣ ለመብራትና ውሃ እንዲሁም ለኮንዶሚኒየሙ ማኅበር መዋጮና ጥበቃ 6,000፣ ለበር፣ ለመስታወትና ለቧንቧ ጥገና 16,000። ድምሩ 50,000 ብር። «እስከ 50,000 ብር ድረስ» ብሎ ደመወዝተኛ ዋስ ይፈርም፤ የመሥሪያ ቤት ማስረጃውም ይያያዝ።

ርክክቡ አጭር ነው። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ክፍሎቹን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፣ የባልደረባዎን የፋይዳ መታወቂያ ኮፒ ለባለቤቷ ስጡ። የእርስዎን ዕቃ አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፈው ቢያስቀምጡ ከሁሉ ይሻላል። ባለቤቷ አስቀድመው ስልክ ደውለው በወር አንዴ ቤቱን ማየት እንዲችሉም ጻፉላቸው። ይኼ ለእሳቸው ከገንዘቡ በላይ ዋጋ አለው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። መሥሪያ ቤቴ ከጥር 1 እስከ ነሐሴ 30 ቀን 2018 ሐዋሳ መድቦኛል፤ የምደባ ደብዳቤው ተያይዟል። በእነዚህ ወራት የሥራ ባልደረባዬ በቤቱ እንዲቀመጥ የጽሑፍ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ኪራዩን በቀጥታ ለእርስዎ ይከፍላል፤ እስከ 50,000 ብር ዋስ ያቀርባል፤ ነሐሴ 25 ይወጣል። በዋናው ውል ያለብኝ ኃላፊነት በሙሉ እኔው ላይ ይቀጥላል። ከመወሰንዎ በፊት ሰውየውን እንዲያዩት ይዤው ልመጣ እችላለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አያውጧት። ሰው የሚፈሩ አከራይ ወረቀት አይተው አይፈቅዱም፤ ሰውየውን ቡና አጠጥተው ነው የሚፈቅዱት። ባልደረባዎም ቤተሰብ ይዞ የሚገባ ከሆነ ያን ዕለት ይናገር፤ «ብቻውን ነው» ተብሎ አራት ሰው ሲገባ ፈቃዱ ይበላሻል።

ባለቤቷ እምቢ ካሉም መብታቸው ነው፤ እርስዎም ውሉን ፈርመውበታል። ያኔ ያለዎት ምርጫ ባዶ ቤት እየከፈሉ መቆየት ወይም በውሉ መሠረት ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መልቀቅ ነው። ስምንት ወር በ14,000 ሲባዛ 112,000 ብር ይሆናል። ሐዋሳ ላይ መሥሪያ ቤትዎ የቤት አበል የሚከፍልዎ ከሆነ ያንን ቀንሰው ያስሉት። የምደባ ደብዳቤው አበሉን ካልጠቀሰ ሳይሄዱ በፊት የሰው ሀብት ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

የቀበሌ ወይም ሌላ የመንግሥት ቤት የያዛችሁ አንባቢዎች ግን ይኼን መልስ ለራሳችሁ አትውሰዱት። እዚያ ቤቱን ለሌላ ማከራየት ቤቱን ያስነጥቃል።