ለኢድ ጊቭአዌይ ደንቡን፣ ማስታወቂያውንና ዕጣውን እኔ የምሠራበት መንገድ

«ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። ለኢድ በፌስቡክ ፔጄ ለ3 ሰው ድሪያ በነጻ ልሰጥ ነው። ደንቡን ምን ብዬ ልጻፍ? አሸናፊውንስ እንዴት ብመርጥ ነው ‹ለዘመዷ ሰጠች› የማልባለው? የሠራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ እኔ ሳቢያን ላይ ሽቶና ዕጣን እሸጣለሁ፤ እንዲህ ያለ ስጦታ በፔጄ ሦስት ጊዜ አውጥቻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ከደንበኛ ጋር ያጣላኝ ቀኑ ነበር። «እስከ ኢድ ዋዜማ ኮመንት ያደረገ ሁሉ ይገባል» ብዬ ጻፍኩ፤ ረመዳን 30 ይሞላል ብዬ ነበር ያሰብኩት። ጨረቃ በ29ኛው ማታ ታየች። ነገ እጽፋለሁ ያሉ ሰዎች ቀሩ፣ ኢድ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሌሊቱን የጻፉት ደግሞ «ዋዜማ አይደል እንዴ?» ብለው ይግቡልን አሉ። ሁለቱም ወገን ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ የኔ አጻጻፍ ነው።

ስለዚህ መዝጊያው በጨረቃ የሚወሰን ቀን አይሁን። የሳምንቱን ቀን፣ የኛን ቀን፣ የፈረንጁን ቀንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። ፌስቡክ ኮመንቱ ላይ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀንና የስልክ ሰዓት ነው፤ ክርክር ሲነሳ ሰው የሚያመጣውም ያንን ስክሪንሾት ነው። ጅቡቲ ያለ ዘመድም «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ሲባል የስልኩን 3:00 ሊያስብ ይችላል። መዝጊያውን ደግሞ ከኢድ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድመሽ አድርጊው፤ ድሪያው ለኢድ ካልተለበሰ አሸናፊዋ ምን ደስታ አላት?

አሁን ወደ መግቢያው። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፣ እሱም አንቺም ሌላ ሰውም ቆጥሮ ሊያረጋግጠው የሚችል ይሁን። የሦስቱን ድሪያ ፎቶ 1፣ 2፣ 3 ብለሽ ቁጥር ስጪና «የወደዳችሁትን ቁጥር ኮመንት ላይ ጻፉ» በይ። በቃ። «ሼር አድርጉ፣ ሦስት ጓደኛ ታግ አድርጉ» የሚለውን ሁሉም ስለሚጽፈው ትክክል ይመስላል፤ ግን የፌስቡክ የፕሮሞሽን ደንብ ሰው በራሱ ገጽ ሼር በማድረግ ወይም ጓደኛ ታግ በማድረግ ዕጣ ውስጥ እንዲገባ ማድረግን ይከለክላል። ደንቡ ባይኖር እንኳ ገጹን ለጓደኞቹ ብቻ የከፈተ ሰው ሼር ማድረጉን በምን ታያለሽ? ሼር እንዲያደርጉልሽ መለመን ትችያለሽ፣ ቅድመ ሁኔታ ግን አታድርጊው። ፌስቡክ በስጦታው እንደሌለበትና ተሳታፊው ከኃላፊነት ነጻ እንደሚያደርገው የሚገልጽ መስመርም ይፈልጋል፤ ከታች አስገብቼልሻለሁ።

«ከ1,000 ብር በላይ የገዛ ዕጣ ይገባል» የሚለውን ተዪው። ሰው ከፍሎ የሚገባበት ዕጣ በአገራችን ፈቃድ ወደሚጠይቀው ሎተሪ ይጠጋል፤ ያንን ከፈለግሽ አስቀድመሽ ብሔራዊ ሎተሪን ጠይቂ። ከዚያም በላይ ለኢድ ነው የምትሰጪው፤ ብዙ ደንበኞቻችን ገዝቶ ዕጣ መግባትን እንደ ቁማር ያዩታል፣ እኔም ይህን ስሜት አከብራለሁ።

ዘመድ የሚለው ነገር ድሬ ላይ ከባድ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ይከልከል ካልን ማን ይቀራል? እኔ የምከለክለው በሱቁ የሚሠራውንና ከኔ ጋር አንድ ቤት የሚኖረውን ብቻ ነው፤ ይህንኑም በግልጽ እጽፈዋለሁ። የአክስትሽ ልጅ ብትደርሳት ደንቡን ታሳያለሽ።

ማስታወቂያው ይህን ይምሰል፤ ቀኑን የ2019ኙን ረመዳን አስቤ ነው የሞላሁት፦

«ለኢድ 3 ድሪያ ለ3 ሰው በነጻ። ለመግባት፦ ከፎቶዎቹ የወደዱትን ቁጥር (1፣ 2 ወይም 3) እዚህ ፖስት ሥር ኮመንት ያድርጉ። መግዛት አያስፈልግም። አንድ ሰው አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ ደጋግሞ መጻፍ ዕድል አይጨምርም። መዝጊያ፦ ሐሙስ የካቲት 18 (ፌብሩዋሪ 25) ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በስልክ 9:00 PM። የሱቃችን ሠራተኞችና ከሱቁ ባለቤት ጋር አንድ ቤት የሚኖሩ አይሳተፉም። የተሳታፊዎች ዝርዝር ከነቁጥሩ አርብ ጠዋት ይለጠፋል፤ ስሙ የቀረ እስከ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት (4:00 PM) ይንገረን። ዕጣው ቅዳሜ የካቲት 20 ከምሽቱ 4 ሰዓት (10:00 PM) በዚሁ ፔጅ በላይቭ ይወጣል፦ 3 አሸናፊና 2 ተጠባባቂ። አሸናፊ እስከ ሰኞ የካቲት 22 ከምሽቱ 3 ሰዓት (9:00 PM) በኢንቦክስ ካልመለሰ ለተጠባባቂ ያልፋል። ሽልማቱ ከሱቃችን ይወሰዳል፤ ከድሬዳዋ ውጭ ላለ የመላኪያውን እኛ እንከፍላለን። ብር፣ የባንክ ቁጥር ወይም ኮድ በፍጹም አንጠይቅም። ይህ ስጦታ ከፌስቡክ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ፌስቡክ አልደገፈውም፣ አያስተዳድረውም፤ ተሳታፊዎችም ፌስቡክን ከማንኛውም ኃላፊነት ነጻ ያደርጋሉ።»

መላኪያውን መክፈል ካልፈለግሽ «ለድሬዳዋ ነዋሪ ብቻ» ብለሽ ከመጀመሪያው ጻፊ፤ አንዴ ኮመንት ከተጀመረ በኋላ ግን ደንቡን አትንኪው።

ሰዓቱ ሲደርስ «ተዘግቷል» ብለሽ ኮመንት ጻፊና ስም መገልበጥ ጀምሪ። እዚህ ላይ እኔን የጎዳኝ አንድ ነገር አለ፦ ፌስቡክ ኮመንቶቹን ሲያሳይ "Most relevant" ላይ ከሆነ ሁሉንም አያወጣም። "All comments" አድርጊው። እኔ ሳላውቅ በመጀመሪያው ቆጥሬ 140 ሰው አገኘሁ፤ ዝርዝሩን ስለጥፍ «የኔስ?» የሚል በዛ፣ ሲስተካከል 187 ሆነ። ዝርዝሩ ከዕጣው ቀድሞ ስለተለጠፈ ብቻ ነው በሰላም ያለፈው። ደጋግሞ የጻፈውን የመጀመሪያውን ኮመንት ብቻ ያዢ።

ዕጣውን በኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል፤ ስሞቹ በኤክሴል ከ1 እስከ 187 ካሉሽ ይህ ይበቃል፦

```
=RANDBETWEEN(1,187)
```

ችግሩ ሉሁ ላይ ሌላ ነገር በነካሽ ቁጥር ቁጥሩ እንደገና ይቀየራል። ተመልካች ቁጥሩ ሲለዋወጥ ካየ «የፈለገችው እስኪመጣ ጠበቀች» ይላል። እኔ ኩባያ እመርጣለሁ፤ ትልቅ ሰውም ልጅም ገብቶት ያየዋል። ለ187 ሰው ሦስት ኩባያ አዘጋጃለሁ፦ በመጀመሪያው 0 እና 1፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከ0 እስከ 9 በእኩል ወረቀት ተጽፈው ይታጠፋሉ። ከየኩባያው አንድ አንድ ሲወጣ ለምሳሌ 0፣ 6፣ 4 ከሆነ 64ኛው ሰው ነው። ከ187 በላይ፣ 000 ወይም አስቀድሞ የወጣ ቁጥር ከመጣ ሦስቱንም ወረቀት መልሰሽ ሦስቱንም እንደገና አውጪ። የመጨረሻውን ብቻ ከቀየርሽ በ180ዎቹ ያሉት ሰዎች ከሌላው የበለጠ ዕድል ያገኛሉ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም ወረቀቶቹ ወደ ኩባያቸው ይመለሱ። የሚያወጣው የጎረቤት ልጅ ይሁን፣ ባዶውን ኩባያና ወረቀቶቹን አስቀድመሽ ለካሜራው አሳዪ። ኔትወርክ ሊቆረጥ ስለሚችልም ላይቩ ሲጀመር «ከተቆረጠ የወጡት ቁጥሮች ይጸናሉ፣ የቀሩት በሚቀጥለው ላይቭ ይወጣሉ» በይ፤ ሌላ ስልክም ጎን ላይ ይቅረጽ።

አሸናፊዎቹን ስታሳውቂ ስማቸውን ከነዝርዝር ቁጥራቸው ጻፊ፦ «64፣ 112፣ 9 ደርሷቸዋል፤ ተጠባባቂ 150 እና 31።» ስልክ ቁጥር በኮመንት እንዲጽፉ አታድርጊ። ባለፈው ጊዜ አሸናፊዎቹን ባሳወቅኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፔጄን ስምና ፎቶ የገለበጠ አንድ አካውንት ለአሸናፊዋ «ለመላኪያ 200 ብር በቴሌብር ላኪ» ብሎ ጻፈላት። ማስታወቂያው ላይ ብር አንጠይቅም የሚለውን አንብባ ስለነበር ደውላ ጠየቀችኝ። አንቺም በዚያ ምሽት ስልክሽን አጠገብሽ አድርጊ፣ አስመሳይ ካየሽም ስክሪንሾቱን ወዲያው ፔጅሽ ላይ ለጥፊና ሪፖርት አድርጊ።