ሁለት ፈጣን ምርመራ፣ ሁለት የተለያየ ውጤት፦ የድመት ሉኬሚያ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ አነስተኛ የዶሮ እርባታ አለኝ። የመኖ መጋዘኑን ከአይጥ የምትጠብቅልኝ አንዲት ሴት ድመት ነበረች፤ አጋዥ እንዲሆናት ብዬ ከእንስሳት መጠለያ አንድ ጎልማሳ ወንድ ድመት አመጣሁ። መጠለያው ደሙን መርምሮ «ሉኬሚያ ፖዘቲቭ፣ ኤድስ ኔጌቲቭ» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። በሳምንቱ የራሴ የእንስሳት ሐኪም ሲመረምረው ሁለቱም ኔጌቲቭ ሆኑ። ድመቱ ይበላል፣ ይጫወታል፤ ሕመም አይታይበትም። የትኛውን ልመን? ይገደል የሚሉኝ አሉ፤ ልጆቼም ያቅፉታል።

መልስ፦ ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱን መርጠው እንዲያምኑ አልመክርዎትም፤ ሦስተኛ ፈጣን ምርመራ አሠርተው በድምፅ ብልጫ እንዲወስኑም እንዲሁ። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ልጆችዎ አይስጉ፦ ሁለቱም ቫይረሶች የድመት ዘር እንጂ ሰውንም ዶሮንም አይይዙም። ጤነኛ መስሎ የሚታይን ድመት በአንድ ፈጣን ምርመራ ውጤት ብቻ መግደልም ተገቢ አይደለም፤ ውጤቱ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ውሳኔው የሚመሠረተው በድመቱ የጤና ሁኔታ ላይ ነው።

ሁለቱ በሽታዎች በአንዲት የፕላስቲክ መመርመሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢነበቡም በደሙ ውስጥ የሚፈለገው ነገር ግን የተለያየ ነው። በሉኬሚያ በኩል የሚፈለገው የቫይረሱ የራሱ አካል የሆነ፣ ፒ27 የሚባል ፕሮቲን ነው። በተለምዶ የድመት ኤድስ በምንለው በኩል ደግሞ የሚፈለገው ቫይረሱ ሳይሆን የድመቱ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለዚህ ሉኬሚያው ላይ ፖዘቲቭ ማለት «ቫይረሱ አሁን በደሙ ውስጥ ይዘዋወራል» ማለት ሲሆን፣ ይህ ሁኔታ በሳምንታት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። የእርስዎ ጥያቄ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ለውጤቱ መለያየት የመጀመሪያው ምክንያት የመጠለያው ፖዘቲቭ የተሳሳተ መሆኑ ሊሆን ይችላል። ይህ መመርመሪያው መጥፎ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በሽታው ጤነኛ በሚመስሉ ድመቶች ላይ ብዙ ስለማይገኝ ነው። ለስሌት ያህል 1,000 ድመቶች መርምረን 20ዎቹ ብቻ በእውነት ተይዘዋል እንበል። መመርመሪያው ከ20ዎቹ 19ኙን ቢያገኝ፣ ከቀሩት 980 ጤነኞች ደግሞ ከመቶ በሁለቱ ላይ ቢሳሳት፣ 20 ያህል ጤነኛ ድመቶች ፖዘቲቭ ይባላሉ። እንግዲህ ፖዘቲቭ ከተባሉት 39 ድመቶች በእውነት የታመሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። በአንጻሩ ኔጌቲቭ ከተባሉት 961 ድመቶች መካከል ያመለጠን አንድ ብቻ ነው። የእርስዎ ድመት ከመጠለያ የመጣ ጎልማሳ ወንድ በመሆኑ፣ ምናልባትም ውጭ ሲዞርና ሲናከስ የኖረ ስለሆነ፣ የመያዝ ዕድሉ ቤት ውስጥ ካደገ ድመት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ይህን ስሌት ይዘን ፖዘቲቩን እንዲሁ ልንጥለው አንችልም።

የአነባበብ ስሕተትም አለ። መመርመሪያው አምራቹ በወሰነው ደቂቃ መነበብ አለበት። በተወሰነው ጊዜ የታየች ነጥብ ቀለሟ የደበዘዘ ቢሆንም እንደ ፖዘቲቭ ትያዛለች፤ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ቆይቶ በኋላ ብቅ ያለች ነጥብ ግን ዋጋ የላትም። ብዙ ድመት በአንድ ጠዋት በሚመረመርበት መጠለያ ይህ ሊያጋጥም ይችላል። እንዲሁም የመቆጣጠሪያዋ ነጥብ ካልወጣች ምርመራው አልተደረገም ማለት ነው እንጂ ኔጌቲቭ ማለት አይደለም። መጠለያውን ደውለው ቢጠይቁ የመመርመሪያውን ዓይነትና ቀኑን፣ ምርመራው በሙሉ ደም ወይስ በሴረም እንደተሠራ ሊነግሩዎት ይገባል። ሐኪምዎም የተጠቀመው ያንኑ ዓይነት መመርመሪያ ከሆነ፣ ሁለተኛው ምርመራ በሌላ ዓይነት ቢሠራ ኖሮ ይሰጥ የነበረውን ያህል አዲስ መረጃ አልሰጠንም።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፦ ሁለቱም ውጤቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ድመት በሉኬሚያ ቫይረስ ሲያዝ ቫይረሱ መጀመሪያ በደም ውስጥ ይታያል፤ ከዚያ የሰውነቱ መከላከያ ጠንካራ ከሆነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከደም ዝውውር ሊያስወጣው ይችላል። የቫይረሱ የዘር ቅጂ ግን በመቅኔ ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። እንዲህ ያለው ድመት ፒ27 ስለሌለው በፈጣን ምርመራ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ቫይረሱን ለሌላ ድመት አያስተላልፍም ማለት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜም በበሽታው አይታመምም። ሰውነቱ ቫይረሱን መግታት ያቃተው ድመት ግን ፒ27ቱ ከደሙ አይጠፋም፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ድመቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደም ማነስ፣ በዕጢ ወይም በመከላከያ መዳከም ይሞታሉ። የእርስዎን ድመት ዕድል የሚወስነው ከሁለቱ በየትኛው መንገድ ላይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሐኪምዎ ደም ወስዶ፣ እንዳይረጋ በሚያደርገው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ እንዲልክ ይጠይቁ፤ የሚታዘዘውም የፒ27 መጠን ምርመራና የቫይረሱን የዘር ቅጂ የሚፈልገው ፒሲአር በአንድነት ነው። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ የመጠለያው ውጤት ስሕተት የመሆኑ ዕድል ያመዝናል። ፒ27ቱ ኔጌቲቭ፣ ፒሲአሩ ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱን የገታ ድመት ነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ከሆኑ መጠኑ ይታያል፤ ከፍተኛ መጠን ወደ ከባዱ መንገድ፣ ዝቅተኛው ወደ ቀላሉ ያመለክታል። ሰውነቱ ገና ከቫይረሱ ጋር እየታገለ ሊሆን ስለሚችል ግን ውጤቱ ምንም ይሁን ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንዲደገም እመክራለሁ። የኤድሱ ኔጌቲቭም ለጊዜው ብቻ ነው የሚያዝ፤ ፀረ እንግዳ አካሉ እስኪታይ እስከ 60 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ወደ እርስዎ ከመጣ ሁለት ወር ሲሞላው ይህኛውም ይደገምለት።

እስከዚያ ወንዱ ከመጋዘኑ ወጥቶ በተለየ ክፍል ይቆይ። ሉኬሚያ በዋናነት በምራቅ ይተላለፋልና እርስ በርስ መላላስ፣ በአንድ ሳህን መብላትና መናከስ መቆም አለባቸው፤ ሳህኑና የሚጸዳዳበት ሳጥንም የየራሳቸው ይሁን። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ ስለማይቆይና በሳሙና ስለሚሞት፣ ከወንዱ ወደ ሴቷ ሲሄዱ እጅ መታጠብ በቂ ነው። ሴቷም አሁን ትመርመር፤ ኔጌቲቭ ከሆነች የሉኬሚያ ክትባት ትጀምር፤ ሁለተኛው መጠን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ይሰጣል። አብረው ቆይተው ከነበረ ደግሞ ከተለያዩ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ምርመራው ይደገምላት፤ ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወጣምና።

ወንዱ ካልተኮላሸ ይኮላሽ፤ ይህ መናከስን ይቀንሳል። ቫይረሱን የገታ ሆኖ ከተገኘ ክፍሉን ለቆ ከተከተበችው ሴት ጋር መኖር ይችላል፤ ሆኖም ወደፊት ለሚያክመው ሐኪም ሁሉ ታሪኩን ይንገሩ፤ ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ የተሸሸገውን ቫይረስ ሊቀሰቅስ ስለሚችል ያለ በቂ ምክንያት አይሰጠው። ለሌላ ድመትም ደም እንዲለግስ አይፍቀዱ፤ ፒ27ቱ ኔጌቲቭ የሆነ ድመት እንኳ በደሙ አማካይነት ተቀባዩን ሊያሲዘው ይችላል።