ስፕሬድን ወደ ዲፎልት ዕድል ስትቀይሪ

ጥያቄ፦ «በአካውንቲንግ ተመርቄ በባንክ ብድር ክፍል እየሠራሁ ነው። አሁን ለሪስክ ክፍል ፈተና ተጠርቻለሁ። PD፣ LGD እና EADን ማባዛቱን አውቃለሁ። ከቦንድ ስፕሬድ የዲፎልት ዕድል አውጪ ስባል ግን ግራ ይገባኛል። ምን ላይ ላተኩር?»

እህቴ፣ PD ማለትም ዲፎልት የማድረግ ዕድሉ፣ LGD ማለትም ዲፎልት ሲደረግ ከዕዳው የሚጠፋው ድርሻ፣ EAD ማለትም በዚያን ጊዜ የሚኖረው ዕዳ ሲባዙ የሚጠበቀውን ኪሳራ እንደሚሰጡ ሁሉም ተፈታኝ ያውቀዋል። ፈታኞቹ የሚፈልጉት እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰው ነው። ብድር ክፍል መሥራትሽ እዚህ ላይ ይጠቅምሻልና ከዚያው እንጀምር።

አንድ ነጋዴ የ10 ሚሊዮን ብር የኦቨርድራፍት ገደብ አለው እንበል። እስካሁን የተጠቀመው 6 ሚሊዮኑን ነው። EAD 6 ሚሊዮን ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ሰው ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያደርገው የቀረውን ገደብ መሳብ ነው። ካልተነካው 4 ሚሊዮን ግማሹን ይስባል ብለን ከገመትን EAD 8 ሚሊዮን ይሆናል። በዓመት ውስጥ ዲፎልት የማድረግ ዕድሉን ደግሞ 3 በመቶ እንያዘው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው LGD ላይ ነው። መያዣው 7 ሚሊዮን ብር የተገመተ ቤት ነው እንበል። ከ8 ላይ 7 ተቀንሶ ኪሳራው 1 ሚሊዮን፣ LGD 12.5 በመቶ ይባላል። የሚጠበቀው ኪሳራም 30 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል። ግን ቤቱ በግምቱ ይሸጣል ያለው ማን ነው? በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ያም ሆኖ ተጫራች ሊጠፋ፣ ባለንብረቱም ሊከስ ይችላል። ቤቱ በ6 ሚሊዮን ተሸጠ፣ ወጪው 400 ሺህ ሆነ፣ ገንዘቡም የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው እንበል። በብድሩ ወለድ፣ ማለትም በ15 በመቶ፣ ወደኋላ ሲሰላ 5.6 ሚሊዮኑ 4.23 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ያወጣል። LGD 47 በመቶ ደረሰ ማለት ነው። የሚጠበቀው ኪሳራም ወደ 113 ሺህ ብር ዘለለ። ደንበኛው ያው፣ PDም ያው ነው።

ቦንድ ላይ ስንመጣ መንገዱ ይገለበጣል። ገበያው ኪሳራውን ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል፤ አንቺ ከዋጋው ተነስተሽ ዕድሉን ትፈልጊያለሽ። አንድ መንግሥት በዶላር ያወጣው ቦንድ 9 በመቶ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ቦንድ 4 በመቶ ቢያስገኝ ስፕሬዱ 5 በመቶ ነው። ቀመሩ ይህ ነው፦

```
h = s / (1 - R)
PD(t) = 1 - exp(-h * t)
```

s ስፕሬዱ፣ h በዓመት የሚታሰበው የዲፎልት ፍጥነት፣ t የዓመታቱ ቁጥር ነው። R ከዲፎልት በኋላ ይመለሳል የሚባለው ድርሻ ነው፤ ስለዚህ 1 - R ማለት LGD ነው። ለታዳጊ አገር መንግሥታት በክሬዲት ዲፎልት ስዋፕ ገበያ የተለመደው ግምት 25 በመቶ ነው። ስለዚህ h 0.05 ለ0.75 ሲካፈል 6.67 በመቶ ይሆናል። የአምስት ዓመቱ PD 28 በመቶ ገደማ ነው።

አሁን Rን 40 በመቶ አድርጊው። PD ወደ 34 በመቶ ይወጣል። ብዙ ይመለሳል ብለን እያሰብን ዕድሉ ለምን ጨመረ? ስፕሬዱ የሚነግረን የዲፎልት ዕድሉንና የLGDን ብዜት ብቻ ስለሆነ ነው። አንዱ ሲያንስ ሌላው ይጨምራል። ስለዚህ Rን 25 በመቶ ይዘሽ PDን አውጥተሽ ኪሳራውን ስታሰዪ LGDን 60 በመቶ ካደረግሽ፣ የማይገናኙ ሁለት ግምቶችን አባዛሽ። ሪፖርት ሲገመገም እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሌላም አለ። ባለሀብቱ ስፕሬዱን የሚጠይቀው ለሚጠበቀው ኪሳራ ብቻ አይደለም። ለስጋቱ እና ቦንዱን በፈለገው ጊዜ በቀላሉ መሸጥ ላለመቻሉም ካሳ ይፈልጋል። ስለዚህ ከስፕሬድ የሚወጣው PD ብዙውን ጊዜ በታሪክ ከታየው ይበልጣል። ለዋጋ ትመና ትክክለኛው እሱ ነው። ለIFRS 9 የሒሳብ ሪፖርት መስፈርት ግን አድልዎ የሌለው ግምት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ እንዳለ አይገባም። የነጋዴው ብድር ደግሞ ስፕሬድ የለውም፤ የእሱ PD የሚመጣው ከባንኩ የራሱ የክፍያ ታሪክ ነው።

ቀመሩ የሚሰበርበትንም ቦታ እወቂ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ሸጠች። በታኅሣሥ 2023 የደረሰውን 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ቦንድ እንዲህ ያለ ቀን ሲቃረብ ስፕሬዱ ትርጉሙን ያጣል። ገዢው «ይከፍሉ ይሆን?» ማለቱን ትቶ «በድርድሩ ስንት ይመለስልኛል?» ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ስፕሬዱን ትተሽ ዋጋውን ተመልከቺ።

ፈተናው ላይ «ስፕሬዱ 5 በመቶ ነው፣ PD ስንት ነው?» ብለው ሌላ ምንም ካልሰጡሽ፣ ከማስላትሽ በፊት Rን ጠይቂ። አንሰጥም ካሉሽ በ25ም በ40ም አስልተሽ ሁለቱንም ውጤት ጻፊላቸው።