የተበጠሰ የቆዳ ቦርሳ ማንገቻ በሰም ክርና በማስቲሽ፦ ጠይቁኝ

ከቱሉ ዲምቱ፦ የቡኒ ቆዳ ቦርሳዬ ማንገቻ ቀለበቱ ጋ ተበጠሰብኝ፣ ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ ሰፋልኝ፣ በ3 ሳምንቱ እዛው ጋ ደግሞ ሄደ። ጥፋቱ የክሩ ነው የማስቲሹ?

እህቴ የላክሽውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት፣ የሁለቱም አይደለም፣ የቀዳዳው ነው። ስፌቱን እይው እስቲ፣ ማንገቻውን ከዳር ዳር አግድም ነው ያቋረጠው፣ ቀዳዳዎቹ ደሞ ተጠጋግተው መሃላቸው 2 ሚሊ እንኳን የለም። ደረሰኝ ከጥራዙ የሚገነጠልበትን መስመር ታውቂዋለሽ አይደል፣ በቃ እሱን ነው የሰራልሽ። ክብደቱ የሚጎትተው ማንገቻውን በርዝመቱ ስለሆነ አግድም የተበሳ መስመር ላይ ቆዳው ራሱ ይቀደዳል፣ ክሩ ግን ደህና ሆኖ ይቀራል። የአንቺም ክር አልተበጠሰም፣ እዛው ተንጠልጥሎ ይታያል።

ስለዚህ እንደገና እዛው ላይ አይሰፋም። የተበሳውን ክፍል በሙሉ ቁረጪና ጣይው፣ አዲስ ቆዳ ላይ ጀምሪ። ማንገቻው በጠቅላላ ከ5 እስከ 6 ሳንቲም ያጥራል፣ ዘለበት ስላለው በአንድ ሁለት ቀዳዳ ታረዝሚዋለሽ። ከዛ የሚታጠፈውን ጫፍ ከውስጥ በኩል በምላጭ እየላጥሽ አሳሺው፣ የአንቺው 3 ሚሊ ገደማ ይመስለኛል፣ ጫፉ ላይ ግማሹ ይበቃል። ካላሳሳሽው ሲታጠፍ ይጎብጥና ማስቲሹን እየገፋ ይከፍተዋል።

ቀለበቱን አስገብተሽ አጥፊና አጣብቂ፣ ከደረቀ በኋላ ስፌቱን በሁለቱ ጠርዞች በርዝመት ውሰጂው፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ገባ ብሎ፣ ቀዳዳ ከቀዳዳ 4 ሚሊ፣ 4 ሳንቲም ያህል ርዝመት። ሁለት መስመር፣ አግድም ምንም የለም። ምልክቱን በምግብ ሹካ ተጭኜ ነው የማደርገው፣ የጥርሱ ርቀት ከተስማማሽ የሚሸጠውን መሳሪያ አትግዢ። መብሻው ወስፌ ነው፣ ቀጭኑ፣ የሰፌድ መስፊያው ራሱ ይሆናል።

አሰፋፉ በሁለት መርፌ ነው። አንድ ክር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መርፌ፣ ሁለቱም በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳን ሌላው ይዞ ይቆያል፣ የማሽን ስፌት ግን አንዴ ከተበጠሰ እየተተረተረ ይሄዳል። ለአንዱ መስመር 70 ሳንቲም ክር ቁረጪ፣ ትርፉ ለእጅሽ መያዣ ነው። መጨረሻ ላይ 3 ቀዳዳ ወደኋላ መለስ በዪና ቁረጪው፣ ፖሊስተር ከሆነ በላይተር ነካ ስታደርጊው ጫፉ ይቀልጥና ይይዛል።

ከገላን፦ ሱፐር ግሉ በ1 ደቂቃ ይይዛል እኮ፣ ማስቲሽ ለምን?

ይይዛል ወንድሜ፣ ችግሩ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ መሆኑ ነው። ማንገቻ ቀኑን ሙሉ ይታጠፋል፣ ሱፐር ግሉ ደሞ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ቆዳውን ይዞት ይነሳል። የእንጨት ነጩ ኮላም ዝናብ ሲነካው ይለሰልሳል፣ የኛን ሰፈር ክረምት ደሞ ታውቁታላችሁ።

የጫማ ሰፊዎቹ ቢጫ ማስቲሽ ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው የሚያጠፋው ቀብቶ ወዲያው ስለሚለጥፍ ነው። ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ ሁለቱንም ስስ አድርገህ ቀባ፣ ከዛ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተወው፣ ብርድ ከሆነ 20ም ይሆናል። በጣትህ ጀርባ ስትነካው ያዝ ያዝ ማድረግ አለበት ግን ጣትህ ላይ መቅረት የለበትም። ከዛ አንዴ ነው የሚገጠመው፣ ማንሸራተት የለም፣ ስለዚህ ሳትነካካው አስተካክልና በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ ፊቱ እንዳይቆስል ጨርቅ አድርግበት። ሲቀባ መስኮት ክፈት፣ አጠገብህ ቡና ተፈልቶ ከሰል ካለ ደሞ ተው፣ ሽታው ራሱ እሳት ይይዛል።

ከለገጣፎ፦ እኔ ሰም ውሃ አያስገባም ብዬ ማጠፊያውንም ቆዳ ውስጡን ሰም ቀብቼ ነው የማጣብቀው፣ ጥሩ አይደል?

ግማሹ ልክ ነህ፣ ሰም ውሃ ያግዳል። ግን ማስቲሹንም ያግደዋል። ሰም የነካው ፊት ላይ ምንም አይጣበቅም፣ በኋላ እንደ ተለጣፊ ወረቀት ልጥ ይላል። መጀመሪያ ማጣበቅ፣ ቀጥሎ መስፋት፣ ሰሙ መጨረሻ ላይ ጠርዙን ብቻ።

ክሩን ግን በደንብ ሰም አጠጣው። ሰም የገባው ክር ቀዳዳው ውስጥ ይያዛል፣ እየላላ አይመለስም፣ ሲጎተትም ከቆዳው ጋ አይፋጭም። እኔ ሰሙን የማገኘው ጠጅ ከምትጥል ጎረቤቴ ነው፣ ሰፈፉን ትሰጠኛለች፣ በውሃ አቅልጬ በጨርቅ አጣራዋለሁ፣ ሲቀዘቅዝ ከላይ ይረጋል። ክሩን በሰሙ ላይ 3 ወይ 4 ጊዜ አሳልፈህ በጣትና ጣትህ መሃል ፈጥነህ ሳበው፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። የሱቁ ሻማ ግን አይሆንም፣ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ክሩ ደሞ ወፍራም ፖሊስተር ይሁን፣ ጥጥ በርጥበት ይበሰብሳል፣ ቀጭን ናይለን እንደ ምላጭ ቆዳውን ይቆርጣል።

ከሰበታ፦ የልጄ ትምህርት ቤት ጫማ ሶሉ ተላቀቀ፣ በዚሁ ይሰፋል ማለት ነው?

እትዬ እኛ እያወራን ያለነው ስለ ማንገቻ ነበር 😄 ሶል ላይ ማስቲሹ ያው ነው፣ ስፌቱ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ለጫማ ሰፊ ይስጡት።

ከቡራዩ፦ የኔ ማንገቻ ፊቱ ተልጦ ውስጡ ጨርቅ ታየ፣ ልስፋው?

ያ ቆዳ አይደለም፣ ሲንተቲክ ነው። ፊቱ መላጥ ከጀመረ ክር አይመልሰውም፣ ቀዳዳ ስታበዢበት ይብስበታል። ማንገቻውን በሙሉ ቀይሪው፣ ገንዘብሽን አታባክኚ።

ከአቃቂ፦ ልጄ፣ እኛ ድሮ በሪቬት መትተን ነበር የምንሰጠው፣ ዓመታት የያዘ አውቃለሁ፣ ለምን ይሄን ሁሉ ትደክማላችሁ?

ጋሼ እርስዎ ያውቃሉ፣ አልከራከርም። ማንገቻው 2 ሳንቲም ተኩል ስፋት ካለው አንድ ሪቬት መሃሉ ላይ ብዙ አይጎዳውም፣ ጠበብ ላለው ግን ቀዳዳው ብዙ ቆዳ ይበላል፣ ጭነቱም በሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ ይሆናል። እኔ ክሩን ነው የምመርጠው፣ የሁለቱን ድምር የሚሰሩም አሉ፣ አይቼ የምጠላው የለም።

ከቱሉ ዲምቱ (ደግማ)፦ እንዳልከኝ ሰራሁት፣ ማታ አጣብቄ ጠዋት ሰፋሁት፣ ስፌቱ ቆሟል ግን ጫፏ ላይ ትንሽ አፏን ከፍታለች። ላፍርሰው?

አታፍርሺው። ጫፉን በደንብ አላሳሳሽውም ወይ ማስቲሹ እዛ ጋ ሳይደርቅ ገጥመሻል። ጭነቱን የያዘው ክሩ ስለሆነ አይበጠስም። በክብሪት እንጨት ጫፍ ማስቲሽ አስገቢ፣ እንደተከፈተ ይዘሽ ሩብ ሰዓት ጠብቂ፣ ከዛ ቀጥቅጭውና በልብስ መቆንጠጫ ይደር። ነገ ጠዋት ቦርሳውን ከመሙላትሽ በፊት ፎቶ ላኪልኝ።