ረጅም ምንባብ፣ አጭር ሰዓት

በደብረ ማርቆስ፣ በብቸና፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ለፈተና ለምትዘጋጁ ልጆቼ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ገረፍታ ንባብንና አሰሳ ንባብን በክፍል ተምራችኋል፤ ብዙዎቻችሁ «ስኪሚንግ» እና «ስካኒንግ» ትሏቸዋላችሁ። ትርጉማቸው አይጠፋችሁም። የሚያስቸግረው ሰዓት ሲያጥር በየትኛው፣ መቼ እንደምትጠቀሙ መለየቱ ነው።

ሰባት አንቀጽና 700 ያህል ቃላት ያሉት የእንግሊዝኛ ምንባብ ከስምንት ጥያቄ ጋር ቀርቦ አሥር ደቂቃ ተሰጣችሁ እንበል። ምንባቡ ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ፣ ጣናን አልፎ፣ በጢስ ዓባይ ወርዶ፣ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ እስኪገናኝ ይተርካል። በደቂቃ 100 ቃል የሚያነብ ተማሪ ሁሉንም አንብቦ ሲጨርስ ሰባት ደቂቃ ሄዷል። የቀረችው ሦስት ደቂቃ ለስምንት ጥያቄ አትበቃም፤ መልሱን ልፈልግ ብሎ ሲመለስም የትኛው አንቀጽ ላይ እንዳየው አያስታውስም።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ደቂቃ ለጥያቄዎቹ ስጡ። ምርጫዎቹን ለጊዜው ተዉአቸው፤ ሦስቱ ስሕተት ስለሆኑ ምንባቡ ውስጥ የሌለ ነገር በጭንቅላታችሁ ይተክላሉ። ቀጥሎ ሁለት ደቂቃ ገረፍታ፦ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የመካከለኞቹን አንቀጾች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ግን በሙሉ። አንቀጹ «በት» ወይም «ሀውኤቨር» ብሎ የሚታጠፍ ከሆነ ዋናው ሐሳብ ከዚያ ቃል በኋላ ስለሚመጣ እስከዚያ ዝለቁ። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን አንድ ቃል ጻፉ፦ «ምንጭ»፣ «ጣና»፣ «ፏፏቴ»፣ «ደለል»። ይህች ቃል ኋላ የት እንደምትፈልጉ ትነግራችኋለች። የርእስና የዋና ሐሳብ ጥያቄም በዚሁ ይመለሳል።

አሁን አሰሳ። አምስት ደቂቃ አላችሁ። ከጥያቄው ውስጥ በሌላ ቃል ሊተካ የማይችለውን ያዙ፤ የቦታ ስም፣ ቁጥር፣ ወር። ወንዙ ከነጭ ዓባይ የሚገናኘው የት ነው ቢባል በካፒታል ፊደል የሚጀምር ስም ብቻ ፈልጉ፤ ካርቱም በሰከንዶች ትገኛለች። ወንዙ ብዙ አፈር የሚያጥበው በየትኛው ወቅት ነው ቢባል ግን ነገሩ ይለያል። «ሶይል» የሚለውን ቃል ያደነ ተማሪ ስለ እርሻ የሚያወራ አንቀጽ ላይ ይወድቃል፤ መልሱ ያለበት አንቀጽ «ሲልት» ብሎ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ጠቅሶ ይሆናል። እዚህ የሚታደነው የወር ስም ነው፤ ጎኑ «ደለል» የተባለውን አንቀጽ ደግሞ አስቀድማችሁ አውቃችሁታል። ያገኛችሁትን ዓረፍተ ነገር ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር አንብቡ፣ ምርጫዎቹን ያን ጊዜ እዩ። ዓይናችሁ እየተሳበ ማንበብ ከጀመረ ከታች ወደ ላይ አስሱ፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለማይገጣጠምላችሁ ቃሉ ብቻ ይታያችኋል።

በአማርኛ ምንባብ ይህ ልማድ እንዳለ አይሠራም፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ፊደላችን ካፒታል የለውም፣ ስም ከሌላው ቃል ተለይቶ አይታይም። በዚያ ላይ የ፣ በ፣ ከ እና ለ ከፊት ይጣበቃሉ፤ «ዓባይ»ን በመጀመሪያ ፊደሉ የፈለገ «ከዓባይ»ንና «የአባይ»ን ያልፋቸዋል። በአንዱ ዐ በሌላው አ፣ በአንዱ ፀሐይ በሌላው ጸሀይ መጻፉንም አትርሱ። ስለዚህ የማይለወጠውን የቃሉን እምብርት፣ እዚህ ላይ «ባይ»ን፣ ፈልጉ። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የነገሡበት 1873 ዓ.ም. «፲፰፻፸፫» ተብሎ ሊመጣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፍርዱን መጨረሻ ላይ ነው የሚሰጠው። እንግሊዝኛ «ኖት»ን ከግሱ ፊት ያስቀምጣል፤ በአማርኛ «አልተሻገሩም» የሚለው ከአራት ነጥቡ አጠገብ ነው የሚገኘው። የተፈለገው ስም እንደተገኘ ማቆም በእንግሊዝኛ አንዳንዴ ያዋጣ ይሆናል፣ በአማርኛ ግን ያልሆነውን ሆነ ያሰኛል። በገረፍታም ጊዜ ቢሆን የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ አይታችሁ ግሱን ሳታዩ አትለፉ።

ቀሪዋ ሁለት ደቂቃ በአሰሳ ለማይገኙት ናት፤ ጸሐፊው ምን ለማለት ፈለገ፣ «ኢት» ማንን ይተካል፣ ከሚከተሉት ያልተጠቀሰው የቱ ነው ለሚሉት። ያልተጠቀሰውን ለማግኘት የተጠቀሱትን ሦስቱን አንድ በአንድ ማግኘት ስላለባችሁ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ሥሩት። በ40 ሰከንድ ያልተገኘ መልስ ካለ የጥያቄውን ቁጥር አክብባችሁ እለፉ፤ መልስ ወረቀቱ ላይ ግን መስመሩን ባዶ መተዋችሁን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ ከእርሱ በኋላ ያጠቆራችሁት ሁሉ አንድ ቦታ ይንሸራተታል።