ፍሬን ሲያዝ የሚያነባ ታንክ

«ጋሼ፣ መኪናዬ ላይ አራት ማዕዘን የውሃ ታንክ ጭኛለሁ። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 1.20 ነው፤ እስከ 90 ሳንቲሜትር እሞላዋለሁ። ቆሞ ሲያድር ጠብ አይልም። ስነዳው ግን ከፊት በኩል የታችኛው ጥግ ያነባል፣ ፊት ያለው ክዳንም ይረጫል። ሁለቴ አስበይጄዋለሁ፤ በሳምንቱ እዚያው ነው። ችግሩ ብየዳው ይሆን?»

ቆሞ አያፈስም፣ የሚያፈሰውም ከፊት ብቻ ነው። እኔ የምጠረጥረው ፍሬኑን ነው። ብየዳው የተሸነፈው ያልታሰበለት ግፊት ስለመጣበት ነው።

መሣሪያ ከማንሳትህ በፊት ግን አንድ ነገር። ያገለገለ ታንክ ነው ብለሃል። ቀድሞ ነዳጅ ይዞ ከነበረ፣ ወይም ምን እንደያዘ ካላወቅህ፣ የብየዳ እሳት አታስጠጋው። በሳሙና መታጠቡ ዋስትና አይሆንም። ስፌቱ ውስጥ የቀረ ጭላጭ ሲሞቅ ይተናል፣ ከዚያ ይፈነዳል።

አሁን ወደ ውሃው። ጋቢናው ውስጥ ቱምቢ ስቀልና ንዳ። ስትነሳ ቱምቢው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፍሬን ስትይዝ ወደ ፊት ይሄዳል። ፍሬኑን እኩል አድርገህ ይዘህ ከቆየህ ክሩ ዘመም እንዳለ ይቆማል። ለጊዜው መኪናው ላይ ላለ ነገር ሁሉ «ታች» ማለት ክሩ የሚያሳየው አቅጣጫ ነው። የውሃው ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ ለክሩ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ይተኛል። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ ፊት ለፊት ይነሳል፣ ኋላ ይወርዳል። ዘንበል የሚልበት መጠን ፍሬኑ ፍጥነቱን የሚቀንስበት መጠን ለመሬት ስበት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጠንከር ያለ ፍሬን በሰከንድ ካሬ 5 ሜትር ያህል ነው፤ ስበት 9.8 ነውና ውሃው በየሜትሩ 51 ሳንቲሜትር ይነሳል። ናፍጣም ቢሆን ያው ነው። ክብደት እዚህ ቦታ የለውም፤ ይህን ለስንቱ ሹፌር አስረድቼ አላመነኝም።

ያንተን እንስራው። ክዳን ባይኖር ኖሮ ፊት ለፊት ያለው ውሃ 1.67 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። ጣራው ግን 1.20 ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ጣራውን ከፊት 1.12 ሜትር ያህል ይሸፍናል፣ አየሩ ኋላ ላይ ይታፈናል። ጥግ ላይ ያለውን ግፊት ለማወቅ ዘንበል ያለውን የውሃ ገጽ ከጣራው በላይ በሐሳብ አስረዝመው፣ ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ ታች ለካ። ከፊት የላይኛው ጥግ በላይ 57 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ እስከ ታችኛው ጥግ 1.77 ሜትር ነው። ቆሞ ሳለ 90 ሳንቲሜትር ብቻ ነበር። ጥግህ በየፍሬኑ እጥፍ ግፊት ይቀበላል ማለት ነው። ደረቅ መሆን የነበረበት ክዳንም 57 ሳንቲሜትር ውሃ ከታች ይገፋዋል። በዚያች ስስ ጎማና በሁለት ማንጠልጠያ የሚሸጥ ክዳን ይህን አይችልም፤ እንዲህ ያለውን ክዳን ለበርሜል እንኳ አልገዛውም።

ይህ እኩል ለተያዘ ፍሬን ነው። ድንገት ከረገጥከው ውሃው ከዚህ አልፎ ይመታል።

አሮጌው ብየዳ ላይ ሌላ መደረብ ትርፉ ድካም ነው። ሁለቴ የተደረበበትን ስፌት ከፍቼ አይቻለሁ፤ ከላይ ወፍራም፣ ከሥር ግን ስንጥቁ እንዳለ ነበር። እስከ ንጹህ ብረት ሞርደው፣ የስንጥቁን ጫፍ በመሰርሰሪያ ብሳና በይደው። ከውጭ ጥጉን የሚያቅፍ፣ ጫፉ ክብ የሆነ ላሜራ ጨምርበት። ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ አየሩ ተለክቶ፣ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ኖሮ ይሁን። ነዳጅ የነካው ታንክ ከሆነ ደግሞ፣ አሁንም እላለሁ፣ አጽድቶና ጋዙን ለክቶ ማረጋገጫ የሚሰጥ ባለሙያ ሳያየው አትበይድ።

ክዳኑንና መተንፈሻውን ወደ መሃል አዙራቸው። በዚያው ፍሬን ውሃው ከጣራው መሃል 38 ሳንቲሜትር ያህል ፊት ላይ ይቆማል፤ መሃሉ ደረቅ ነው።

ብዙ በያጆች ቀዳዳ ያለው ላሜራ በመሃል ያስገቡልሃል። ምቱን ያበርዳል፣ ጥሩ ነው። ግን ፍሬኑ ከቆየ ውሃው በቀዳዳው አልፎ ያው ዝንባሌ ላይ ይደርሳል፤ የጥጉ ግፊትም ያው ነው። ግፊቱን የሚቀንሰው ሙሉ ግድግዳ ነው። ታንኩን በሁለት ድፍን ግድግዳ በየ1 ሜትሩ ብትከፍለው፣ በእያንዳንዱ ክፍል ፊት ውሃው 1.155 ሜትር ላይ ይቆማል፤ ጣራውን አይነካም። ታችኛው ጥግ ከ1.77 ወደ 1.155 ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ ክዳን፣ መተንፈሻና መውጫ ያስፈልገዋል፤ ወጪው እሱ ነው። ሦስቱንም እኩል ሙላ፤ አንዱን ባዶ ሌላውን ሙሉ አድርገህ ከነዳህ ግድግዳው በአንድ ወገን ብቻ ይገፋል።